«ሁለት ሰዓት» ሲባል፦ የካልቲቬሽን ንድፈ ሐሳብ፣ የ«ክፉ ዓለም» እሳቤ እና ቴሌቪዥን አብዝቶ የማየት ልኬት ችግር በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ

አኅጽሮተ ጥናት

የካልቲቬሽን ንድፈ ሐሳብ ቴሌቪዥን አብዝቶ የሚያይ ሰው ጥቂት ከሚያየው ይልቅ ዓለምን ክፉና አስፈሪ አድርጎ ይመለከታል ይላል። የዚህ አባባል ጥንካሬ የሚወሰነው «አብዝቶ የሚያይ» የሚባለው ሰው በትክክል ተለይቶ በመታወቁ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ የመለያውን ጥያቄ ይመረምራል። በአማርኛ «በቀን ስንት ሰዓት ቴሌቪዥን ያያሉ?» ተብሎ የሚቀርበው መጠይቅ በአዲስ አበባ፣ በተለይም ቴሌቪዥን ከቤት ውጭ በብዛት በሚከፈትበት በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ ሊለካ የታሰበውን እንደማይለካ ያሳያል፤ ስሕተቱም በዘፈቀደ የሚበተን ሳይሆን ከመላሹ ሥራና ማኅበራዊ ደረጃ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ የውጤቱን አቅጣጫ ሊገለብጥ እንደሚችል በቁጥር ምሳሌ ያስረዳል። በመጨረሻም ለመስክ የሚሆን የአጠያየቅ ሥርዓት ያቀርባል።

1. ንድፈ ሐሳቡ የሚለውና የሚለካው

የካልቲቬሽን ጥናት መነሻ ጆርጅ ገርብነር በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ አነንበርግ የኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤት በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው የባህል ጠቋሚዎች ጥናት ነው። ገርብነርና ላሪ ግሮስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጽሑፍ ያቀረቡት አሳብ በጊዜው ከተለመደው የተለየ ነበር። እነርሱ የጠየቁት አንድ ፊልም ወይም አንድ ዜና በተመልካቹ ላይ ምን ለውጥ አመጣ የሚለውን አልነበረም። የጠየቁት ለዓመታት በየቀኑ በአንድ ዓይነት የታሪክ ዓለም ውስጥ የኖረ ሰው ስለ እውነተኛው ዓለም ያለው ግምት ወደ ታሪኩ ዓለም ይጠጋ እንደሆነ ነው። ስያሜው የተወሰደበት የእንግሊዝኛ ቃል ማሳን ማልማትንና ተክልን መኮትኮትን ያመለክታል፤ ተጽዕኖው እንደ ዝናብ በአንድ ጊዜ የሚወርድ ሳይሆን እንደ እርሻ ሥራ ቀስ በቀስ የሚከማች ነው ለማለት ነው።

ጥናቱ ሁለት እግሮች አሉት። አንደኛው የይዘት ትንተና ነው፤ በቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ዓለም ምን እንደሚመስል፣ ስንት ገጸ ባሕርያት በዓመፅ እንደሚጠቁ፣ አጥቂና ተጠቂ እነማን እንደሆኑ ይቆጥራል። ሁለተኛው የዳሰሳ ጥናት ነው፤ ተመልካቾችን ስለ እውነተኛው ዓለም ይጠይቅና አብዝተው የሚያዩት ጥቂት ከሚያዩት ይልቅ «የቴሌቪዥኑን መልስ» ይሰጡ እንደሆነ ያነጻጽራል። ለምሳሌ አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ዓመፅ የሚያጋጥመው ዕድል ከአሥር አንድ ነው ወይስ ከመቶ አንድ ተብሎ ሲጠየቅ፣ «ከአሥር አንድ» የሚለው የቴሌቪዥኑ መልስ ነው።

የ«ክፉ ዓለም» ጠቋሚ የሚባለው ከዚህ ግምት አልፎ አመለካከትን ይለካል። የተሠራው ከሦስት ጥያቄዎች ነው፦ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ለራሱ ብቻ ነው ወይስ ሌላውን ለመርዳት ይሞክራል፤ ሰውን ማመን ይቻላል ወይስ እጅግ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ሰዎች ዕድሉን ቢያገኙ ይጠቀሙብዎታል ወይስ በቅንነት ይይዙዎታል። ሦስቱም ጥያቄዎች በአሜሪካ አጠቃላይ የማኅበራዊ ዳሰሳ ጥናት ውስጥ የነበሩ ናቸው። ከእነዚህ ጋር የተነጻጸረው የተመልካችነት ጥያቄም በዚያው ጥናት የነበረው፣ መላሹ በአማካይ ቀን ለስንት ሰዓት ያህል ቴሌቪዥን እንደሚያይ የሚጠይቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በቀደሙት ጽሑፎች በቀን አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያይ «አብዝቶ የሚያይ»፣ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በታች የሚያይ «ጥቂት የሚያይ» ተባለ።

የንድፈ ሐሳቡ ሸክም በሙሉ በዚህች አንዲት የሰዓት ጥያቄ ላይ እንደተጫነ ልብ ይሏል። የይዘት ትንተናው ምንም ያህል ጥንቁቅ ቢሆን፣ ማን ምን ያህል እንዳየ በትክክል ካልታወቀ ሁለቱን እግሮች የሚያገናኝ አካል አይኖርም።

2. የቀደሙት ትችቶች

በልኬቱ ላይ የተነሡት ዋና ዋና ትችቶች ከ1979 እስከ 1981 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት የታተሙ ናቸው። ሦስቱ ለእኛ ጉዳይ ይጠቅማሉ።

አንቶኒ ዱብና ግሌን ማክዶናልድ በቶሮንቶ ከተማ ወንጀል የሚበዛባቸውንና የሚያንስባቸውን፣ በመሐል ከተማና በከተማ ዳር ያሉ አካባቢዎችን መርጠው ነዋሪዎችን ጠየቁ። ሁሉም መላሾች በአንድነት ሲታዩ አብዝቶ ማየትና ፍርሃት ተዛምደው ተገኙ። ነገር ግን እያንዳንዱ አካባቢ ለብቻው ሲታይ ተዛምዶው በአብዛኛው ጠፋ፤ ጎልቶ የቀረው ወንጀል በሚበዛበት የመሐል ከተማ ክፍል ነበር። ከዚህ የምንረዳው አስፈሪ ሰፈር የሚኖር ሰው ማታ ከቤት ስለማይወጣ ቴሌቪዥን ሊያበዛ እንደሚችልና፣ ፍርሃቱን ያመጣው ግን ሰፈሩ እንጂ ቴሌቪዥኑ ላይሆን እንደሚችል ነው።

ማይክል ሂውዝ የገርብነርን ቡድን መረጃ እንደገና ሲተነትን ዕድሜን፣ ጾታን፣ ገቢን፣ ትምህርትንና ሌሎችንም ተለዋዋጮች፣ ከእነዚህም መካከል ሰውየው በሳምንት የሚሠራውን ሰዓት፣ በአንድ ጊዜ ተቆጣጠረ። ብዙዎቹ ተዛምዶዎች ደከሙ። የሥራ ሰዓት መጨመሩ ጥልቅ ትርጉም አለው። የቴሌቪዥን ሰዓት በከፊል የሚነግረን ሰውየው ለስንት ሰዓት ቤቱ እንደሚውል ነውና።

ፖል ኸርሽ ደግሞ የሰዓት መሥመሩን ሁለት ጫፎች ለየ። ገርብነር ከጥቂት ተመልካቾች ጋር የደመራቸውን፣ ጭራሽ የማያዩትን፣ ለብቻቸው አወጣ፤ ከአብዝቶ ተመልካቾች ጋር የተደመሩትን፣ ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያዩትንም እንዲሁ። በበርካታ ጥያቄዎች ጭራሽ የማያዩት ጥቂት ከሚያዩት ይልቅ ፈሪና ተጠራጣሪ ሆነው ተገኙ፤ በጣም አብዝተው የሚያዩትም ከአብዝቶ ተመልካቾች ያነሱ ሆኑ። ንድፈ ሐሳቡ የሚጠብቀው ከታች ወደ ላይ ቀስ በቀስ የሚወጣ መሥመር ነበርና፣ ይህ ግኝት የቡድኑን አከፋፈል ጥያቄ ላይ ጣለው።

የገርብነር ቡድን ለእነዚህ ትችቶች እ.ኤ.አ. በ1980 የሰጠው መልስ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን አከለ። አንደኛው አብዝተው የሚያዩ ሰዎች በኑሮና በትምህርት ቢለያዩም በአመለካከት ወደ አንድ የጋራ መሐል ይሳባሉ ይላል። ሁለተኛው «ማስተጋባት» የሚባለው፣ የቴሌቪዥኑ ዓለም ከመላሹ የኑሮ ልምድ ጋር ሲገጥም ተጽዕኖው ይበረታል የሚለው ነው፤ በወንጀለኛው የቶሮንቶ ሰፈር የቀረውን ተዛምዶ በዚህ አስረዱ። ከልኬት አንጻር ደግሞ «አብዝቶ» እና «ጥቂት» የሚሉት ቃላት አንጻራዊ ናቸው፤ ድንበራቸውም በእያንዳንዱ ናሙና ውስጥ በግምት ሦስት እኩል ቦታ በመክፈል ይወሰናል የሚል አቋም በቡድኑ ጽሑፎች ጸና። ስለዚህ አራት ሰዓት የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ በዚያ አገር፣ በዚያ ዘመን፣ የዚያን ናሙና ሦስተኛ ክፍል የለየ ድንበር ነው። በእኛ አገር ጥናት ድንበሩን ሳይመረምር አራት ሰዓትን የሚገለብጥ ተመራማሪ ንድፈ ሐሳቡን ወረሰ ሳይሆን የሌላ አገር የቀን አዋዋልን ተዋሰ።

3. ጥያቄው አማርኛ ሲለብስ

አሁን ወደ አማርኛው መጠይቅ እንምጣ። «በቀን ስንት ሰዓት ቴሌቪዥን ያያሉ?» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለመጠይቅ አዘጋጁ ግልጽ ይመስለዋል። ሦስት ቃላቱ ግን እያንዳንዳቸው ሁለት ትርጉም ይሸከማሉ።

የመጀመሪያው «ስንት ሰዓት» ነው። በአማርኛ ይህ ሐረግ ቆይታንም ነጥበ ጊዜንም ይጠይቃል። «ስንት ሰዓት ተኛህ?» ለሚል ጥያቄ «ስምንት ሰዓት» ብሎ የሚመልስ ሰው እንቅልፉ ስምንት ሰዓት ቆየ ማለቱም፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተኛሁ ማለቱም ሊሆን ይችላል። በቴሌቪዥን ጉዳይ ይህ አሻሚነት ልዩ አደጋ አለው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ዋናው የአማርኛ ዜና የሚተላለፈው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ቤተሰብ ሁሉ «የሁለት ሰዓት ዜና» ብሎ ያውቀዋል። ስለዚህ «ስንት ሰዓት ያያሉ?» ሲባል «ሁለት ሰዓት» የሚል መላሽ «ዜናው ሲጀምር እከፍታለሁ» ማለቱ ሊሆን ይችላል። ጠያቂው በቅጹ ላይ «2» ብሎ ይጽፋል። ይህ ቁጥር ደግሞ በገርብነር አከፋፈል የጥቂት ተመልካች የላይኛው ድንበር ነው። ከዜናው እስከ እኩለ ሌሊት የሚያይ ሰውም፣ ዜናውን ብቻ አይቶ የሚያጠፋም፣ በእውነት ሁለት ሰዓት የሚያይም በአንድ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ።

ሁለተኛው «በቀን» ነው። በዘመን አቆጣጠራችን ቀንና ሌሊት ለየራሳቸው ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ይቆጠራሉ፤ «በቀን» የሚለውም ሃያ አራቱን ሰዓት ወይም ፀሐይ ያለበትን ጊዜ ብቻ ሊያመለክት ይችላል። ቀኑን ሥራ ላይ የሚውል ሰው «በቀን አላይም፣ ማታ ነው እንጂ» ቢል፣ ቸኩሎ የሚመዘግብ ጠያቂ የመጀመሪያውን ሐረግ ይዞ ሊቀር ይችላል።

ሦስተኛው «ማየት» ነው። ቴሌቪዥን ይከፈታል፣ ይታያል፣ ይከታተሉታል። እነዚህ ሦስት ግሦች ሦስት የተለያዩ ተግባራት ናቸው። እንግዳ ሲመጣ የሚከፈት፣ ምግብ ሲሠራ የሚሰማ፣ ቡና ሲጠጣ ከዓይን ጥግ የሚታይ ቴሌቪዥን በየትኛው ግሥ እንደሚገባ መላሹ ለራሱ ይወስናል፤ ተመራማሪው ውሳኔውን አያውቅም።

በአገራችን ያሉ ትላልቅ የዳሰሳ ጥናቶችም ይህን ክፍተት አይሞሉም። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት መላሹ ቴሌቪዥን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ያይ እንደሆነ ይጠይቃል። አፍሮባሮሜትር ደግሞ መላሹ ከቴሌቪዥን ዜና የሚያገኘው በየቀኑ፣ በሳምንት ጥቂት ቀናት፣ በወር ጥቂት ቀናት ወይስ ከዚያ ባነሰ ጊዜ እንደሆነ ይጠይቃል። ሁለቱም የሚለኩት ማዘውተርን እንጂ ማብዛትን አይደለም። በየቀኑ የሃያ ደቂቃ ዜና የሚያይ ሰው ያዘወትራል፤ ቅዳሜና እሑድ ስድስት ስድስት ሰዓት የሚያይ ሰው ግን ያበዛል እንጂ አያዘወትርም። የካልቲቬሽን ንድፈ ሐሳብ የሚናገረው ስለ ማብዛት ነው። በእነዚህ መረጃዎች ላይ ተመሥርቶ ንድፈ ሐሳቡን መደገፍም መሻርም አይቻልም።

4. ምሳሌ፦ አራት መላሾች በአንድ መንገድ

የቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ችግሩን አጉልቶ ያሳያል። ከካቴድራሉ ዙሪያ እስከ ኤድና ሞል ባለው ቦታ ካፌው፣ ምግብ ቤቱ፣ የሆቴሉ መግቢያ፣ ፀጉር ቤቱና የልብስ መደብሩ ተጠጋግተው ይገኛሉ፤ በብዙዎቹም ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። የእግር ኳስ ጨዋታ ሲኖር ማሳያ ቤቶች ይሞላሉ። በዚህ መንገድ የሚውል ሰው ቤቱ ቴሌቪዥን ባይኖረውም ሲያይ ይውላል፤ ቤቱ ያለው ደግሞ ቤቱ ላይውል ይችላል።

ቀጥሎ ያሉት አራት መላሾች እውነተኛ ሰዎች አይደሉም፤ የስሕተቱን አሠራር በቁጥር ለማሳየት የተቀመጡ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ቁጥር ተሰጥቷል፦ ለተለመደው ጥያቄ በሰጡት መልስ የተመዘገበው ሰዓትና፣ የአንድ ቀን ውሏቸው ከንጋት እስከ ሌሊት ተዘርዝሮ ቢጠየቅ የሚገኘው ዓይናቸውን ሰጥተው ያዩበት ሰዓት። ሦስተኛው ቁጥር ከዜሮ እስከ ሦስት የሚደርስ የክፉ ዓለም ነጥብ ነው።

የመጀመሪያው የአንድ ሕንፃ የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ነው። በእንግዳ መቀበያው ያለው ቴሌቪዥን «ሲለፈልፍ ያድራል» ይላል፤ ጠያቂው 12 ሰዓት ይመዘግባል። እርሱ ግን በሩ ላይ ነውና በድምሩ ያየው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ነጥቡ 3 ነው፤ ሌሊት በበሩ ያያቸውን ሰዎች አስቦ ይመልሳል።

ሁለተኛዋ በልብስ መደብር የምትሸጥ ወጣት ናት። «ሁለት ሰዓት» ትላለች፤ 2 ይመዘገባል። በእውነቱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከዜናው ጀምራ እስከ ስድስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ሙሉ ታያለች። ነጥቧ 1 ነው።

ሦስተኛዋ የቤት ሠራተኛ ናት። አሠሪዎቿ ሥራ ሲውሉ ልብስ እየተኮሰች በአማርኛ የተተረጎመ ተከታታይ ድራማ በቀን ለሦስት ሰዓት ትከታተላለች። አሠሪዋ በአጠገቧ ሳሉ ስትጠየቅ ግን «እኔ እንኳ ጊዜም የለኝ» ትላለች፤ 0 ይመዘገባል። ነጥቧ 2 ነው።

አራተኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ያንኑ ዓይነት ድራማና የቴሌቪዥን ዜና በስልኩ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያያል፤ «ቴሌቪዥን አላይም» ይላል፤ 0 ይመዘገባል። ነጥቡ 1 ነው።

በተመዘገበው ሰዓት ብንከፍላቸው፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ያለው ጥበቃው ብቻ ነው፤ የአብዝቶ ተመልካቾች አማካይ ነጥብ 3 ይሆናል። የቀሩት ሦስቱ ጥቂት ተመልካቾች ተብለው አማካያቸው (1+2+1)÷3፣ ማለትም 1.33 ይሆናል። ንድፈ ሐሳቡ በጉልህ የተደገፈ ይመስላል። በተዘረዘረው ውሎ ብንከፍላቸው ግን አብዝታ የምታየው ነጥቧ 1 የሆነው ሻጭ ናት፤ ጥቂት የሚያየው ነጥቡ 3 የሆነው ጥበቃ ነው፤ ሁለቱ በመካከል ይቀመጣሉ። ውጤቱ ተገለበጠ። ከአራት ሰው ስለ አዲስ አበባ ምንም ማለት አይቻልም፤ ምሳሌው የሚያሳየው የአንድም ሰው አመለካከት ሳይለወጥ የምድባው ለውጥ ብቻውን የድምዳሜውን አቅጣጫ ለመለወጥ መብቃቱን ነው።

በተጨማሪም በተመዘገበው መሠረት ዜሮ የሆኑት ሁለቱ መላሾች በኑሮ ፈጽሞ የማይገናኙ ናቸው። አንዷ የማየቷን ነገር መናገር አልቻለችም፤ ሌላው «ቴሌቪዥን» የሚለውን ቃል ለዕቃው እንጂ ለይዘቱ አልተረዳውም። የኸርሽ «የማያዩ» ሰዎች እንግዳ ባሕርይ በእኛም ዘንድ ቢገኝ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት በእርግጥ አያዩም ወይ የሚለው ነው።

5. ስሕተቱ ለምን በቀላሉ አይታለፍም

ለንድፈ ሐሳቡ የሚቆረቆሩ ተመራማሪዎች በቂ ክብደት ያለው መከራከሪያ አላቸው። ማይክል ሞርጋንና ጀምስ ሻናሃን እ.ኤ.አ. በ1997 የሁለት አሥርት ዓመታት ጥናቶችን ደምረው ሲመዝኑ አማካዩ ተዛምዶ 0.09 ገደማ ሆነ። ይህ ሲባዛ በራሱ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ የጋራ ልዩነት ነው። ይሁንና የሰዓት ጥያቄው ጥራት ዝቅተኛ ከሆነ እውነተኛው ተዛምዶ ከሚታየው ይበልጣል ይላሉ። ስሌቱ ትክክል ነው፦ እውነተኛው ተዛምዶ 0.13 ቢሆንና የሰዓት መለኪያው ወጥነት 0.5 ቢሆን፣ የሚታየው 0.13 በ0.5 ካሬ ሥር ተባዝቶ 0.09 ይሆናል። ደካማ መለኪያ ተጽዕኖውን ደበቀ እንጂ አልፈጠረውም ማለት ነው።

ይህ መከራከሪያ የሚሠራው ግን ስሕተቱ በዘፈቀደ ሲበተን ብቻ ነው። ከላይ ያየናቸው ስሕተቶች እንዲህ አይደሉም። የጥበቃው ሰዓት የተጋነነው በሥራው ምክንያት ነው፤ የሚጠራጠረውም በዚያው ሥራ ምክንያት ነው። የቤት ሠራተኛዋ ሰዓት የተደበቀው በደረጃዋ ምክንያት ነው፤ በሰው ላይ ያላት እምነትም ከዚያው ደረጃ ጋር የተያያዘ ነው። ስሕተቱና የክፉ ዓለም ነጥቡ አንድ ምንጭ ሲኖራቸው፣ ተዛምዶውን ማሳነስ ብቻ ሳይሆን ማጋነን፣ መፍጠርና መገልበጥም ይችላሉ። የ0.09 ያህል ተዛምዶ ደግሞ በጥቂት ከመቶ መላሾች የተሳሳተ ምድባ ብቻ ሊመጣም ሊጠፋም የሚችል ነው።

በነጥቡ በኩልም ጥንቃቄ ያሻል። «ሰውን ማመን ይቻላል ወይስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል?» ሲባል በአማርኛ «መጠንቀቅ» የብልኅነት ቃል ነው። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» እያለ ያደገ መላሽ «መጠንቀቅ ያስፈልጋል» ሲል የፍርሃቱን መጠን ሳይሆን ከአባቶቹ የተማረውን ምክር ሊደግም ይችላል። ሁሉም መላሽ አንዱን መልስ ከመረጠ ጥያቄው ማንንም ከማንም አይለይም፤ ስለዚህ ከዋናው ጥናት በፊት በሚደረገው ሙከራ የእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ስርጭት መታየት አለበት።

6. ለመስክ የሚሆን የአጠያየቅ ሥርዓት

ከላይ የተነሡት ችግሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ አይወገዱም። የሚከተለው ሥርዓት ግን ዋና ዋናዎቹን ይቀንሳል።

አንደኛ፣ «ስንት ሰዓት» የሚለውን ሐረግ ከመጠይቁ ማውጣት ይገባል። በምትኩ የትናንቱን ቀን በውሎ መልሕቆች ከፍሎ መጠየቅ፦ ከንጋት እስከ ቁርስ፣ ከቁርስ እስከ ምሳ፣ ከምሳ እስከ ማምሻ፣ ከማምሻ እስከ ሁለት ሰዓት ዜና፣ ከዜናው እስከ መኝታ። በእያንዳንዱ ክፍል «የት ነበሩ? ቴሌቪዥን ተከፍቶ ነበር? እርስዎ ያዩ ነበር ወይስ ሌላ ሥራ ይሠሩ ነበር? ከመቼ እስከ መቼ?» ይባላል። የሁለት ሰዓቱ ዜና አሻሚነትን ማምጣቱ ቀርቶ የጊዜ ምልክት ይሆናል። የተከፈተበትና የታየበት ጊዜ በየራሳቸው ዓምድ ይመዘገባሉ።

ሁለተኛ፣ ከዕቃው በፊት ይዘቱን መጠየቅ። «በስልክም፣ በካፌም፣ በሰው ቤትም ቢሆን» የሚለው ሐረግ በግልጽ ይጨመራል፤ የፕሮግራሙ ዓይነትም ይያዛል። ገርብነር በሰዓት ድምር ብቻ የረካው በዘመኑ ጥቂት የአሜሪካ ጣቢያዎች ተቀራራቢ ታሪክ ይነግራሉ ብሎ ስለሚያምን ነው። በእኛም አገር ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት አንድ ጣቢያ ብቻ በነበረበት ጊዜ ይህ እሳቤ ለይዘቱ አንድነት ሊሠራ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ስርጭቱ በአብዛኛው በምሽት የተወሰነ ስለነበር የሰዓቱ ልዩነት ጠባብ ይሆናል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህና የሳተላይት ጣቢያዎች ከበዙ በኋላ፣ አራት ሰዓት የሃይማኖት ጣቢያ ያየና አራት ሰዓት የበቀል ድራማ ያየ ሰው እኩል «አብዝቶ ተመልካች» ናቸው ማለት የንድፈ ሐሳቡን የመጀመሪያ እግር መቁረጥ ነው።

ሦስተኛ፣ ቀኑን መምረጥ። የበዓል ዋዜማና የበዓል ቀን ልዩ ዝግጅቶች ስለሚተላለፉ፣ በዐቢይ ጾምም መዝናኛ የሚቀንሱ መላሾች ስለሚኖሩ፣ እንዲሁም መብራት የጠፋበት ቀን ለማንም ዜሮ ስለሆነ፣ «ትናንት» ከእነዚህ ቀናት ጋር እንዳይገጥም ይደረጋል፤ ቢያንስ አንድ የሥራ ቀንና አንድ የዕረፍት ቀን ይጠየቃል። የቤት ሠራተኞች ከአሠሪዎቻቸው ፊት አይጠየቁም።

አራተኛ፣ መረጃው ሲተነተን ሰዓቱን በቁጥርነቱ ማቆየትና ስርጭቱን ማሳየት፤ የማያዩትን ለብቻቸው መያዝ፤ ሦስት ቦታ መክፈል ካስፈለገም ድንበሩን ከናሙናው አውጥቶ፣ ድንበሩ በግማሽ ሰዓት ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ ውጤቱ ይጸና እንደሆነ መዘገብ። ውጤቱ በግማሽ ሰዓት ከተገለበጠ ግኝቱ የድንበሩ ነው። ከዚህ ጋር ቤት የሚውሉበት ሰዓት፣ የሥራ ዓይነት፣ በራስ ወይም በቤተሰብ ላይ የደረሰ ጥቃትና በሰፈር ማታ የመሄድ ልምድ ይጠየቃሉ። የዱብና ማክዶናልድ ጥናት ያስተማረው የሰፈርን ልምድ ሳይዙ ስለ ቴሌቪዥን መናገር እንደማይቻል ነውና።

7. መደምደሚያ

የውሎ ዝርዝርም የራሱ ገደብ አለው። ጊዜ ይወስዳል፤ አንድና ሁለት ቀን ብቻ ስለሚይዝ የዓመታት ክምችት የሆነውን ካልቲቬሽን በቀጥታ አይለካም፤ «አየሁ» እና «ተከፍቶ ነበር» የሚለውንም ፍርድ የሚሰጠው መላሹ ራሱ ነው። ሆኖም ስሕተቱን ወደ ግልጽ ቦታ ያመጣዋል፤ ማን በምን ምክንያት በየትኛው ሣጥን እንደገባ ማየት ይቻላል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ገርብነር ተሳስቷል የሚል አይደለም። የቦሌ መድኃኔዓለም ነዋሪና ሠራተኛ በሚያየው ድራማና ዜና ምክንያት ዓለምን ክፉ አድርጎ ይሥለው ይሆናል፤ አያደርገውም ይሆናል። ጠያቂው «ሁለት ሰዓት» የሚለውን መልስ ሰምቶ «2» ብሎ እስከጻፈ ድረስ ግን ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደሆነ ከዚያ ቅጽ ላይ ሊነበብ አይችልም።